የድሮ ወረቀት ላይ ያለው ቀን ምን ዕለት ነበር?

የአያቴ የሰማንያ ውል ላይ «ጥር ፳፪ ቀን» የሚለው ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ችግሩ ዓመቱ ላይ ነው። ፲፱፻፵ ካለ በኋላ የመጨረሻዋን ቁጥር ማኅተም ግማሽ በግማሽ ሸፍኗታል። ፮ ትሁን ፯ አይለይም። ቤተሰቡ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ 1946 ይላል፣ ግማሹ 1947።

አያቴ ዓመት አትቆጥርም። ዕለቱን ግን አትረሳም። «የአስተርእዮ ማርያም ማግስት ነው። እሑድ ነው። ቅዳሜማ ገበያ ነው፣ ማን ይደግሳል?» አለችኝ። አስተርእዮ ጥር 21 ነው፤ ስለዚህ ቀኑ ከወረቀቱ ጋር ገጠመ። የቀረው ጥር 22 እሑድ የዋለው በየትኛው ዓመት እንደሆነ ማወቅ ነበር።

የእህቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ 22/5/1947 ብሎ ጻፈና «ሐሙስ ነው» አለ። ስልኩ አልዋሸም። የነገረው ግን የፈረንጆቹን ሜይ 22 ቀን 1947 ነው። ጥር ለእኛ አምስተኛ ወር ቢሆንም ስልኩ ይህን አያውቅም። የድሮ ወረቀት ይዛችሁ ኮምፒውተር ላይ የምትፈልጉ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትጽፉት በማን አቆጣጠር እንደሆነ አረጋግጡ።

እኔ ስልኩን ትቼ ጎረቤታችን መሪጌታ ጋ ሄድኩ። ጎጃም ተወልዶ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው መፈለግ አያደክምም። «ዓመቱ ላይ 5500 ደምር፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። እሱን ለአራት አካፍልና ትርፉን ጣል፤ መጠነ ራብዒት ይሆናል። ሁለቱን ደምረህ ለሰባት ግደፍ» አሉኝ። መግደፍ ማለት ሰባት ሰባቱን እየጣሉ ቀሪውን መያዝ ነው። ቀሪው 0 ከሆነ መስከረም 1 ሰኞ ይውላል፣ 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ እንዲህ እያለ 6 ላይ እሑድ ይደርሳል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። 365 ቀን 52 ሳምንትና አንድ ቀን ነው፤ ስለዚህ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ አንድ ዕለት ወደፊት ትገፋለች። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ሁለት ትዘላለች። መጠነ ራብዒት የሚደመረው ለዚች ትርፍ ቀን ነው።

እንግዲህ 1947ን እንይ። ዓመተ ዓለሙ 7447፣ መጠነ ራብዒቱ 1861፣ ድምሩ 9308 ነው። ለሰባት ሲገደፍ 5 ይቀራል። መስከረም 1 ቅዳሜ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወደ ጥር 22 እንሂድ። ከጥር በፊት አራት ወር አልፏል። እያንዳንዱ 30 ቀን ስለሆነ ከአራት ሳምንት የሚተርፈው ሁለት ሁለት ቀን ነው፤ በጠቅላላው 8። ከጥር ራሱ ያለፈው 21 ቀን ነው። 8 እና 21 ሲደመር 29፣ ሲገደፍ 1። ከቅዳሜ አንድ ቀን ወደፊት፣ እሑድ! በ1946 ግን መስከረም 1 ዓርብ ነበር፤ ጥር 22 ቅዳሜ ላይ ያርፋል። የገበያ ቀን።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ጥርን ራሱን ካለፉት ወራት ጋር ይቆጥራል፣ ወይም በ21 ፈንታ 22 ይደምራል። ስለዚህ ስሌቱን ሁሉም በሚያውቀው ቀን ፈትሹት። የዐድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 እሑድ ነው። 7388 እና 1847 ሲደመር 9235፣ ቀሪው 2፤ መስከረም 1 ረቡዕ። አምስት ወር 10፣ ከየካቲት 22፣ ድምሩ 32፣ ቀሪው 4። ከረቡዕ አራት ቀን ስትቆጥሩ እሑድ ካልመጣላችሁ አንድ ቦታ አንድ ቀን ዘላችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የአገራችን ሰው ሌሊቱን የሚቆጥረው ከሚነጋው ቀን ጋር ነው። ወረቀቱ ላይ «ሰኞ» ተብሎ፣ እናት ደግሞ «እሑድ ማታ ወለድኩት» ካለች፣ ለሰኞ አጥቢያ ማለቷ ሊሆን ይችላልና ስሌቱን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሰዓቱን ጠይቁ። አያቴንም ጠየቅኳት። «በጠራራ ፀሐይ ነው የወሰዱኝ» አለች።

ዕለት ብቻውን ግን ዓመት አይመርጥም። ጥር 22 በ1941ም፣ በ1952ም እሑድ ነው። እኛን የጠቀመን ከማኅተሙ ሥር የታየችው ግማሽ ቁጥር ምርጫውን ወደ ሁለት ማጥበቧ ነው። እነዚያ ሁለት ዓመታት ደግሞ ተከታታይ ናቸው፤ በተከታታይ ዓመታት አንድ ቀን መቼም አንድ ዕለት ላይ አይውልም።