የቤት ወጪን ድርሻ ለማሳየት ፓይ ቻርት ይሻላል ወይስ ተደራራቢ ባር ቻርት?

የአንድ ቤተሰብ ወርኃዊ ወጪ እንዴት እንደተከፋፈለ ለማሳየት ክብን በቁራጮች የሚከፍለው ፓይ ቻርትም ክፍሎቹን በአንድ ባር ላይ ቀጣጥሎ የሚያሳየው ተደራራቢ ባር ቻርትም ያገለግላሉ፤ ምርጫው የሚወሰነው ተመልካቹ በሚያነሣው ጥያቄ ነው። እኔ ሁለቱንም ጎን ለጎን ሠርቼ ያየሁት መገናኛ አካባቢ ከነበርንበት የኪራይ ቤት ለቅቀን በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደሚገኘው የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ነው። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው «ኪራይ ከቀረላችሁ ታዲያ ብሩ ወዴት ይሄዳል?» ባሉ ጊዜ ባለቤቴ የምግቡን ውድነት ምክንያት አደረገ፤ እኔ ደግሞ የታክሲውን ወጪ። ወጪያችንን በደብተር እመዘግብ ስለነበር ክርክሩን በሥዕል ለመፍታት ተነሣሁ።

ከሥዕሉ በፊት ግን «መቶ በመቶ» የሚባለው ምን እንደሆነ መወሰን ነበረበት። ፓይ ቻርትም ሆነ ተደራራቢ ባር የአንድን ሙሉ ነገር ክፍሎች የሚያሳይ በመሆኑ፣ የማይገባ ነገር ከተጨመረበት የሁሉም ክፍሎች ድርሻ ይዛባል። በእኛ ቤት አስቸጋሪው ዕቁብ ነበር። ለዕቁብ የሚጣለው ገንዘብ በየወሩ ከኪስ ይወጣል፤ ነገር ግን ዕጣው ሲደርስ ተመልሶ ስለሚገባ ወጪ ሳይሆን ቁጠባ ነው። እንደ ወጪ ብቆጥረው ዕጣው በደረሰበት ወር የዕቁቡ ክፍል ከዜሮ በታች ይሆንብኛል፤ ከዜሮ በታች የሆነ ድርሻ ደግሞ በክብም ሆነ ሙሉው መቶ በመቶ በሆነ ባር ላይ ትርጉም ባለው መንገድ ሊሣል አይችልም። ስለዚህ ዕቁብን አወጣሁና እንደ እድር ያለውን የማይመለስ መዋጮ ግን ከወጪው ጋር አቆየሁት። ጤፍ በኩንታል ተገዝቶ ለብዙ ሳምንታት የሚበላ፣ የትምህርት ቤት ክፍያም በሩብ ዓመት የሚከፈል በመሆኑ የአንዱን ወር ደብተር ብቻ ብወስድ ድርሻዎቹ የግዢውን ቀን እንጂ ኑሯችንን አያሳዩም ነበር። በመሆኑም ከመዛወራችን በፊት ከነበረው አንድ ሩብ ዓመትና ከተረጋጋን በኋላ ከመጣው አንድ ሩብ ዓመት የወር አማካይ ወሰድሁ፤ የበግና የቅቤ ወጪው ምግቡን ስለሚያሳብጠው ትልቅ በዓል ያለበትን ሩብ ዓመት አልመረጥሁም።

ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ ውጤቱ የሚከተለው ነበር። መገናኛ ሳለን ወጪያችን በወር 30,000 ብር ሲሆን፣ ምግብ 40 በመቶ፣ የቤት ኪራይ 30 በመቶ፣ ትራንስፖርት 5 በመቶ፣ ትምህርት 10 በመቶ፣ መብራት፣ ውሃና ስልክ 5 በመቶ፣ ልብስ፣ ሕክምና፣ እድርና ሌላው ሁሉ ደግሞ 10 በመቶ ይወስዱ ነበር። አራብሳ ከገባን በኋላ ወጪው 36,000 ብር ደረሰ፤ ምግብ እዚያው 40 በመቶ ላይ ቆየ፣ በኪራዩ ቦታ የገባው የኮንዶሚኒየሙ የባንክ ዕዳ 16 በመቶ ሆነ፣ ትራንስፖርት ወደ 17፣ ትምህርት ወደ 12 ከፍ አሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ግን በነበሩበት 5 እና 10 በመቶ ጸኑ።

መጀመሪያ የመገናኛውን ወጪ በፓይ ቻርት ሣልሁት። አንድ በመቶ 3.6 ዲግሪ ስለሆነ ምግብ 144፣ ኪራይ 108 ዲግሪ ያዙ። ይህ ሥዕል ለብቻው ሲታይ ጥሩ ነው። ሰው የክብን ግማሽና ሩብ ያለ ምንም መለኪያ ያውቃል፤ ኪራዩ ከሩብ በላይ መሆኑ፣ ምግብ ብቻውን ግማሽ አለመሙላቱ፣ ሁለቱ አብረው ግን ከክቡ አብዛኛውን መያዛቸው ቁጥር ሳይነበብ ይታያል። ጥያቄው «በዚህ ወር ይህ ወጪ ከሙሉው ምን ያህሉን በላ?» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር። ፓይ ቻርትን ከተደራራቢ ባር አሳንሰው የሚያዩ ባለሙያዎች ይህንን ጠባዩን ችላ ይሉታል ብዬ አምናለሁ፤ በባር ላይ ሩብና ግማሽን ለማግኘት ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፣ በክብ ላይ ግን አያስፈልግም።

የአማቴ ጥያቄ ግን ስለ ሁለት ኑሮዎች ነበር። የአራብሳውን ፓይ ቻርት ከመጀመሪያው ጎን ስሠራው፣ ከትራንስፖርቱ ትልቅ ለውጥ በስተቀር ሌላው ሁሉ የማስታወስ ፈተና ሆነ። የትምህርት ቁራጭ በአንዱ ክብ 36 ዲግሪ፣ በሌላው 43 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሁንና ከፊቱ ያሉት ቁራጮች መጠን ስለተለወጠ በሁለቱ ክቦች ላይ የሚጀምርበት ቦታ ይለያያል፣ ስለዚህ ዓይን አንዱን ቁራጭ በሐሳቡ አዙሮ በሌላው ላይ መጫን ይኖርበታል። በአራብሳው ክብ ውስጥ እንኳ የዕዳው 16 በመቶና የትራንስፖርቱ 17 በመቶ የሚበላለጡት በ3.6 ዲግሪ ብቻ በመሆኑ የትኛው እንደሚበልጥ በዓይን መለየት አይቻልም። ክሊቭላንድና ማክጊል የተባሉት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በጣም በትክክል የሚያነቡት በአንድ የጋራ መስፈሪያ ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን መሆኑን፣ ማዕዘንን ሲገምቱ ግን ይበልጥ እንደሚሳሳቱ አሳይተዋል። የእኔ ሁለት ክቦች ባለቤቴንም አማቴንም ያስገመቱት በማዕዘን ነበር።

በዚህ ምክንያት ወደ ተደራራቢው ባር ዞርሁ፤ ይሁን እንጂ ባሩ በራሱ ችግሩን አይፈታም። በሁለት ባሮች ላይ አንድ ክፍል በቀላሉ የሚነጻጸረው ከአንድ የጋራ መስመር ሲነሣ ብቻ ነው፤ ከመካከል የሚገኙት ክፍሎች እንደ ፓይ ቁራጮቹ ሁሉ መነሻቸው ይለያያል። ሁለቱም ባሮች መቶ በመቶ እንዲሞሉ ተደርገው ሲሣሉ ግን ሁለት የጋራ መስመሮች ይገኛሉ፤ አንዱ በግራ ዜሮው፣ ሌላው በቀኝ መቶው ነው። ስለዚህ የክፍሎቹ ቅደም ተከተል ዋናው ውሳኔ ሆነ። እኔ የተከራከርሁበትን ትራንስፖርት በግራ ጫፍ፣ ባለቤቴ የተከራከረበትን ምግብ በቀኝ ጫፍ አስቀመጥሁ። ከትራንስፖርት ቀጥሎ ቤትን ያደረግሁበት የተለየ ምክንያት አለኝ፦ የቤቱ ክፍል የሚያበቃበት ድንበር ከዜሮ ሲለካ የትራንስፖርትና የቤት ድምር ነው፤ ያም ድንበር በጋራ መስፈሪያ ላይ ስለሚወድቅ በትክክል ይነበባል። ርቆ መኖር የቤትን ወጪ በመንገድ ወጪ መለወጥ ስለሆነ፣ ይህ ድምር ለእኛ ከሁለቱም በላይ የሚፈለገው ቁጥር ነበር። ትምህርት፣ መብራትና ውሃ፣ ሌላው ሁሉ ደግሞ መካከሉን ያዙ።

ባሮቹን በልጄ ባለካሬ ደብተር ላይ 20 ሴንቲሜትር አድርጌ ሣልኋቸው፤ እያንዳንዱ በመቶ 2 ሚሊሜትር ስለሚሆን ማስመሪያ ብቻ ይበቃል፣ ፕሮትራክተር አያስፈልግም። ትራንስፖርት ላይኛው ባር ላይ 1 ሴንቲሜትር፣ ታችኛው ላይ 3.4 ሴንቲሜትር ሆነ። ምግብ በሁለቱም ከ12ኛው ሴንቲሜትር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ስለሄደ ድንበሮቹ ልክ በልክ ገጠሙ። የቤትና የትራንስፖርት ድምር ግን ከ7 ሴንቲሜትር ወደ 6.6 ብቻ ወረደ። ኪራይ ቀርቶ የተረፈው ድርሻ ማለት ይቻላል ሁሉንም መንገዱ እንደወሰደው አማቴ ራሳቸው በጣታቸው አሳዩን። ባሩን አግድም ያደረግሁት «መብራት፣ ውሃና ስልክ» የሚለውን ረጅም ስም አንገትን ሳያጣምሙ ለማንበብ እንዲመች ነው፤ ስሞቹንም በቀለም መፍቻ ፋንታ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ወይም ከበላዩ ጻፍኋቸው፣ ምክንያቱም ወረቀቱ ኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ ሲባዛ ብዙዎቹ ቀለሞች ተቀራራቢ ግራጫ ይሆናሉ።

በኋላ በኤክሴል ስሠራው ማወቅ የሚገባ አንድ ነገር ገጠመኝ። ስድስት ረድፍና ሁለት ዓምድ ያለውን ሠንጠረዥ መርጦ `100% Stacked Bar` የሚለውን የጫነ ሰው ሁለት ባሮች ሳይሆን ስድስት ባሮች ያገኛል፤ ፕሮግራሙ ብዛት ያለውን ወገን በዘንጉ ላይ ስለሚያሰልፍ እያንዳንዱ ባር «የመገናኛው ምግብ ከአራብሳው ምግብ ጋር» የሚል ዓይነት ትርጉም የሌለው መቶኛ ይሆናል። `Switch Row/Column` ሲጫን ይስተካከላል። በተጨማሪም በዚህ ባር ላይ የሚወጡት መለያዎች በሠንጠረዡ ያለውን ብር እንጂ መቶኛውን ስለማይጽፉ፣ መቶኛው በሠንጠረዡ ውስጥ አስቀድሞ መሰላት አለበት።

ሁለቱም ሥዕሎች የሚደብቁት ነገር ደግሞ የጠቅላላውን መጠን ነው። የምግብ ድንበሮች ስለገጠሙ ባለቤቴ ክርክሩን የተሸነፈ መሰለው፤ ነገር ግን ከ30,000 ብር 40 በመቶው 12,000 ሲሆን፣ ከ36,000 ብር 40 በመቶው 14,400 ነው። ምግቡ በእርግጥ ተወድዶብናል፤ ድርሻው ያልጨመረው ሌላውም አብሮ ስለጨመረ ነው። የቤትና የትራንስፖርት ድምርም በድርሻ ከ35 ወደ 33 በመቶ ቢቀንስም በብር ከ10,500 ወደ 11,880 አድጓል። በፓይ ቻርት ይህን ለማሳየት ሁለተኛው ክብ የሚይዘውን የቦታ ስፋት በአንድ አምስተኛ ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ የክቡ አግድመት የሚጨምረው አሥር በመቶ እንኳ ስለማይሞላ ልዩነቱ ለዓይን ቀላል ይመስላል። እኔ በየባሩ መጨረሻ ጠቅላላውን ብር በደማቁ ጻፍሁ፤ ከሥሩም ትራንስፖርትን፣ ቤትንና ምግብን ብቻ በብር የሚያሳዩ ተራ ባሮች ጨመርሁ።

ይህ የድርሻ ጠባይ ዕቅድ ስናወጣ እንደገና መጣ። ልጃችን እዚሁ ሰፈር ተመሳሳይ ክፍያ ወዳለው ትምህርት ቤት ቢዛወር ትራንስፖርቱ ከ6,120 ብር ወደ 4,500 እንደሚወርድ ገመትን። ሦስተኛውን ባር በአዲሱ ድምር በ34,380 ብር መቶ በመቶ ብሠራው ምግብ አንድ ብር እንኳ ሳይጨምር ወደ 42 በመቶ ከፍ ይላል፤ ተመልካቹም ልጁ ትምህርት ቤት ስለቀየረ ምግብ የጨመረ ይመስለዋል። ስለዚህ የሦስተኛው ባር ሙሉ ርዝመት 36,000 ብር ሆኖ እንዲቆይ አደረግሁና ከትራንስፖርቱ የሚቀነሰውን 1,620 ብር እዚያው ቦታው ላይ፣ በ2.5 እና በ3.4 ሴንቲሜትር መካከል፣ ባዶ ተውሁት። ሌላው ሁሉ ካለበት አልተነቃነቀም፤ ባዶው ክፍል ደግሞ ለመቆጠብ የምንችለው ገንዘብ ሆኖ ታየ። በፓይ ቻርት ላይም ባዶ ቁራጭ መተው ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን ክቡን ሳይጨርሱት የተዉት አድርጎ ያየዋል።

ወሮቹ ሲበዙ ተደራራቢው ባርም ይደክማል። የዓመቱን አሥራ ሁለት ወሮች ደርድሬ ስሞክር ጫፍ ላይ ያሉት ትራንስፖርትና ምግብ ጥሩ ተነበቡ፣ የመካከሉ ትምህርት ግን በየወሩ ወዲያና ወዲህ እየተገፋ ጨምሮ ይሁን ቀንሶ የሚለይ አልነበረም። አሁን በየሩብ ዓመቱ ለንጽጽር ሁለት ወይም ሦስት ባሮች ብቻ እሠራለሁ፤ ትምህርትን የመሰለ የመካከል ወጪ በየወሩ መከታተል ሲያስፈልግ ለእርሱ ብቻ ከዜሮ የሚነሣ መስመር ግራፍ እሥላለሁ።