24.7 ሺ ላይ ቆሞ የቀረው ቁጥር

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ የሞባይል መለዋወጫ ከሚሸጥ ነጋዴ ጋር የተፈራረምነው ውል አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር። እኔ የሞባይል ጥገና በማስተምርበት የዩቲዩብ ቻናሌ የሱቁን ዕቃ አሳያለሁ፤ እሱ ደግሞ በወሩ ውስጥ ለጨመረው ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ 20 ብር ይከፍለኛል። ቁጥሩ ከየት እንደሚነበብ ግን አልጻፍንም፤ ሁለታችንም ያለው ቁጥር አንድ ብቻ መስሎን ነበር።

ሥራውን የጀመርን ቀን፣ የቻናል ባለቤት ቻናሉን በሚያስተዳድርበት በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ትክክለኛ ቁጥር 24,703 ነበር። በመጋቢት 30 ማታ 24,796 ደረሰ፤ በዚህ ስሌት የ93 ሰው ሒሳብ፣ ማለትም 1,860 ብር ይገባኛል ብዬ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ነጋዴው ስልኩን አውጥቶ የቻናሌን ገጽ ከፈተና አሳየኝ፤ 24.7 ሺ ይላል። በወሩ መግቢያም ላይ 24.7 ሺ እንደነበር በደብተሩ መዝግቧል። «አቦ፣ አንድ ሰው እንኳ አልጨመረም እኮ» አለኝ። በእጄ ያለውን የስቱዲዮ ምስል ባሳየውም አላመነኝም፤ ፎቶ ላይ ቁጥር መቀየር ለስልክ ሠሪ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ስለዚህ ተጣላን ለማለት ባልደፍርም ተኮራርፈን ተለያየን።

ማታ ቤት ገብቼ ነገሩን ከሥሩ ለማጣራት ተቀመጥኩ። ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2019 ጀምሮ ከ1,000 በላይ ተመዝጋቢ ያላቸውን ቻናሎች ቁጥር ለሕዝብ የሚያሳየው ከፊት ያሉትን ሦስት አሃዞች ብቻ አስቀርቶ ነው። ዋናው ነገር ቁጥሩ ወደ ቅርቡ መቶ የሚጠጋ አለመሆኑ ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ይቆረጣል። ትምህርት ቤት በተማርነው ደንብ ቢሆን ኖሮ የእኔ 24,796 ወደ 24.8 ሺ ይጠጋ ነበር፤ በዩቲዩብ ደንብ ግን 24,800 እስኪሞላ ድረስ 24.7 ሺ ሆኖ ይቆያል። ኩባንያው ለውጡን ሲያስታውቅ ሁለት ምክንያት ሰጥቷል፦ አንደኛው ቀድሞ በኮምፒውተርና በስልክ ላይ በተለያየ መልክ ይታይ የነበረውን ቁጥር አንድ ወጥ ማድረግ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሰዎችን ቁጥር በየሰከንዱ መቁጠር በቪዲዮ ሠሪዎች ላይ የሚያሳድረውን ጭንቀት መቀነስ ነው። ከ1,000 በታች ያለ ቻናል ግን ቁጥሩ ሳይቆረጥ እንዳለ ይታያል።

የሚቆረጠው መጠን እንደ ቻናሉ ስፋት ይለያያል። ከ1,000 እስከ 9,999 ባለው ውስጥ ገጹ በየ10 ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ከ10,000 እስከ 99,999 በየ100፣ ከ100,000 እስከ 999,999 ደግሞ በየ1,000 ነው። ጓደኛዬ 9,900 ላይ ሳለ በየቀኑ ሲያድግ የነበረው ቁጥር 10,000 ካለፈ በኋላ በድንገት «ደረቀ» ብሎ ሲያማርር የሰማሁት በዚሁ ምክንያት እንደሆነ አሁን ገባኝ፤ እድገቱ ሳይቀንስ የገጹ እርምጃ ብቻ በአሥር እጥፍ ሰፍቶበት ነበር።

ነጋዴው የሚያምነው ማስረጃ ከሦስተኛ ወገን ማምጣት አማረኝ። ዩቲዩብ ለፕሮግራመሮች የከፈተውን በር ተጠቅሜ በራሴ ቻናል ላይ ይህን ጥያቄ ላክሁ፦

```
GET https://www.googleapis.com/youtube/v3/channels?part=statistics&id=CHANNEL_ID&key=API_KEY
```

የመጣው መልስ ይህ ነበር፦

```
"subscriberCount": "24700"
```

ትክክለኛ የሚመስል ባለ አምስት አሃዝ ቁጥር ነው፤ መጨረሻዎቹ ሁለት ዜሮዎች ግን የቁረጣው ውጤት ናቸው። በዚህ በር የሚጠይቀው የቻናሉ ባለቤት ራሱ ቢሆን እንኳ የሚሰጠው የተቆረጠው ቁጥር ነው። እድገት እንቆጥራለን የሚሉ የውጭ ድረ ገጾች ከዚህ የተሻለ ምንጭ የላቸውም፤ ስለዚህ የእነሱን ሰንጠረዥ አትሜ ብወስድለት ኖሮ የምደግፈው የነጋዴውን ክርክር ነበር።

በሁለተኛው ወር ነገሩ ተገለበጠ። በሚያዝያ 30 ትክክለኛው ቁጥር 24,902 ስለነበር ጭማሪው 106 ሰው፣ ክፍያውም 2,120 ብር ነው። ገጹ ግን ከ24.7 ሺ ወደ 24.9 ሺ ዘሎ ነበር፤ ነጋዴው በራሱ አቆጣጠር 200 ሰው ቆጥሮ 4,000 ብር ሊሰጠኝ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እውነቱን ለመናገር ብሩን ተቀብዬ ዝም ማለት ለጥቂት ደቂቃ አምሮኝ ነበር። ከዚያ ግን ደብተሩን ተቀብዬ ሁለቱን ወራት ጎን ለጎን ጻፍኩለት፦ በስቱዲዮ 93 እና 106፣ በድምሩ 199፤ በገጹ ደግሞ ዜሮ እና 200፣ በድምሩ 200። በሁለት ወር ውስጥ በሁለቱ ስሌቶች መካከል የተገኘው ልዩነት የአንድ ሰው፣ የ20 ብር ብቻ ነበር።

ክርክሩን የፈታው ይህ ስሌት ነው። የመነሻውም የመድረሻውም ቁጥር ሲቆረጥ እያንዳንዳቸው እስከ 99 ሰው ሊደብቁ ስለሚችሉ፣ በሁለቱ መካከል የሚታየው ጭማሪ ከእውነቱ እስከ 99 ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል። ስህተቱ ግን ከወር ወር እየተደመረ አይሄድም። በወር አንድ መቶ ሰው ገደማ ለሚጨምር ቻናል ይህ ስህተት ከጭማሪው ጋር እኩል ስለሚሆን የገጹ ቁጥር ለወር ሒሳብ አይረባም፤ በወር አምስት ሺህ ለሚጨምር ቻናል ግን ብዙም አያሳስብም። በተቃራኒው ውላችን «25,000 ሲሞላ» የሚል ቢሆን ኖሮ ጭቅጭቅ ባልተነሳ ነበር፤ ወደ ታች ስለሚቆረጥ ገጹ ላይ 25 ሺ የሚታየው በእርግጥ 25,000 ሲሞላ ነው። ድንበር ላይ ያለ ቁጥር ግን ይወዛወዛል። ልክ 24,800 የሆነ ቻናል አንድ ሰው ቢወጣበት ወይም ዩቲዩብ አንድ የተዘጋ አካውንት ቢቀንስበት ገጹ 24.7 ሺ ይሆናል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው መቶ ሰው የሸሸ ይመስላል።

ስቱዲዮም ውስጥ ቢሆን ሁለት ቁጥሮች እንዳሉ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የወቅቱ ጠቅላላ ቁጥር ወዲያው ይታደሳል፤ የገቡትንና የወጡትን በየቀኑ የሚዘረዝረው ሪፖርት ግን ሁለት ቀን ያህል ይዘገያል፤ ቀኑንም የሚቆጥረው በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ሰዓት ነው። በዚያ አቆጣጠር አዲስ ቀን የሚጀምረው በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ እነሱ በክረምታቸው ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ደግሞ 5 ሰዓት ላይ ነው። በወሩ መጨረሻ ማታ የዕለት ሪፖርቱን ደምሬ ከ93 ያነሰ ቁጥር ሳገኝ ተመዝጋቢ ተሰርቆብኛል ብዬ ነበር፤ የጎደሉት ግን ገና ሪፖርቱ ውስጥ ያልገቡት የመጨረሻዎቹ ቀናት ነበሩ።

ውሉን እንደገና ስንጽፍ ክፍያው የሚሰላው ስቱዲዮ ውስጥ ባለው ጠቅላላ ቁጥር እንደሆነ፣ በወሩ የመጨረሻ ቀን ማታ 2 ሰዓት ላይ እንደሚነበብና የአንዱ ወር መድረሻ የቀጣዩ ወር መነሻ እንደሚሆን አሰፈርን። ፎቶ ማመን እንዳይኖርበትም በስቱዲዮ ቅንብር ውስጥ `Permissions` ከሚለው ገጽ በኢሜይሉ ጋበዝኩት፤ የሰጠሁት ደረጃ ቪዲዮ መንካትም ሆነ የገቢዬን መጠን ማየት የማይፈቅድ፣ ቁጥሮቹን ብቻ የሚያሳይ ነው።

በግንቦት 30 ማታ ሱቁ ስደርስ ስቱዲዮውን በራሱ ስልክ ከፍቶ 24,988 አንብቧል፤ የ86 ሰው ሒሳብ 1,720 ብርም ቆጥሮ አስቀምጧል። ገጹ አሁንም 24.9 ሺ ላይ እንደቆመ ነበር። ብሩን ሲሰጠኝ «12 ሰው ከየትም ፈልገህ ጨምርና ይህ 25 ይበል፤ ደንበኞቼ የሚያዩት እሱን ነው» አለኝ።