12 በመቶው ብድር ከ18 በመቶው ሲወደድ፦ በNPER እና በRATE የደረስኩበት

ሰሞኑን የወንድሜን ሁለት የብድር አማራጮች በኤክሴል አነጻጽሬ፣ ርካሽ የሚመስለው እንደሚወደድበት በቁጥር ማሳየት ቻልኩ። የቤታችንን ዕዳ በሠንጠረዥ መያዝ ከጀመርኩ ወዲህ እንደዚህ ደስ ያለኝ ውጤት የለም። ስለዚህ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ላይ ያው ሁላችንም የምናልፍበት ነው፤ ወርሃዊ ክፍያን በPMT ማውጣት፣ መደመር፣ መቀነስ። እሱን ልዝለለው። አንድ ነገር ብቻ፦ ወለዱን፣ ወሩንና ብድሩን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ሴል ጻፉ። እዚህ እንዲነበብ ብዬ ቁጥሮቹን ፎርሙላው ውስጥ አስገባቸዋለሁ እንጂ በራሴ ፋይል ላይ እንደዚያ አልሠራም። አንዱን ቁጥር ለውጦ የሚመጣውን ማየት ካልተቻለ የሠንጠረዡ ጥቅም ግማሹ ቀረ።

ወደ NPER ልሂድ። ይህ ዕዳው በስንት ወር እንደሚያልቅ ይነግረናል። ቀሪ ዕዳው 60,000 ብር፣ የዓመት ወለዱ 18 በመቶ፣ በወር የምንከፍለው 2,000 ብር ነው እንበል።

```
=NPER(0.18/12,-2000,60000)
```

መልሱ 40.15 ነው። 0.15 ወር የሚባል ነገር ስለሌለ፣ 40 ሙሉ ክፍያ ከተከፈለ በኋላ በ41ኛው ወር ትንሽ ቀሪ አለ ማለት ነው። እሷም ከነወለዷ 310 ብር ገደማ ናት። ክፍያውን ወደ 2,500 ብር ከፍ ብናደርገው 30 ወር ይሆናል። ወደ 1,000 ብር ብናወርደው ግን 155 ወር ይፈጃል፤ 13 ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ማለት ነው። ክፍያው በግማሽ ሲቀንስ ጊዜው በእጥፍ ብቻ አያድግም፤ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻውን 900 ብር ነው። 1,000 ብር ስንከፍል ዕዳውን የምትነካው 100 ብር ብቻ ናት።

ክፍያውን 850 ብር ስታደርጉት `#NUM!` ይመጣል። ይህ የኤክሴል ብልሽት አይደለም። ክፍያው ወለዱን እንኳ ስለማይሸፍን ዕዳው መቼም አያልቅም ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ 18 በመቶውን ለ12 ሳታካፍሉ ብታስገቡትም ያው `#NUM!` ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ማካፈላችሁን አረጋግጡ፣ ከዚያ ስለ ዕዳው ተጨነቁ። የወሩ ቁጥር በመቀነስ ምልክት ከመጣ ደግሞ ክፍያው ፊት ምልክቱ ቀርቷል። እዚህ ምሳሌ ላይ ምልክቱን ብታወጡት -24.96 ይላችኋል። የተበደርነው ወደ እኛ የገባ፣ የምንከፍለው ከእኛ የወጣ ስለሆነ የሁለቱ ምልክት መለያየት አለበት።

አሁን ልቤ ወዳለበት ወደ RATE። የወንድሜ ጉዳይ ይህ ነበር። 100,000 ብር በ24 ወር የሚከፈል። አንዱ አበዳሪ 18 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ይላል። ሌላው 12 በመቶ ፍላት ይላል። ወንድሜ በእርግጥ ወደ 12ቱ አዘንብሏል። ማን አያዘነብልም?

ፍላት ሲባል ወለዱ ሁልጊዜ የሚሰላው መጀመሪያ ከተወሰደው 100,000 ብር ላይ ነው። የሁለት ዓመቱ ወለድ 24,000 ብር። ከዋናው ጋር 124,000፣ ለ24 ሲካፈል በወር 5,166.67 ብር። እዚህ ድረስ አበዳሪው ምንም አልደበቀም። ግን ትክክለኛው ወለድ ስንት ነው?

```
=RATE(24,-5166.67,100000)
```

የሚመጣው የወር ወለድ ነው፤ 1.798 በመቶ አካባቢ። በ12 ሲባዛ በዓመት 21.6 በመቶ ገደማ ይሆናል። 12 አይደለም፣ 18ም አይደለም።

ሌላውን በPMT ሳወጣው በወር 4,992.41 ብር ሆነ። ማለትም 18 በመቶ የተባለው በየወሩ 174 ብር፣ በጠቅላላው ደግሞ ወደ 4,200 ብር ይቀንሳል። ወንድሜ ሁለቱን ክፍያዎች ጎን ለጎን ሲያይ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ለምን እንዲህ ይሆናል? የፍላቱን የመጨረሻ ወር ብቻ ተመልከቱ። በአበዳሪው አቆጣጠር በየወሩ 4,166.67 ብር ከዋናው ይቀነሳል፤ 1,000 ብር ደግሞ ወለድ ነው። በ24ኛው ወር እጃችን ላይ የቀረው የእሱ ገንዘብ 4,166.67 ብር ብቻ ነው። ወለዱ ግን ዛሬም 1,000 ብር ነው! ለዚያች ወር ብቻ 24 በመቶ ከፈልን ማለት ነው። በመጀመሪያው ወር 1 በመቶ የነበረው፣ ዋናው እያለቀ ሲሄድ እያሻቀበ እዚያ ይደርሳል። RATE ይህን ሁሉ ወደ አንድ እኩል የወር ወለድ ያመጣልናል።

የአገልግሎት ክፍያም አለ። 2 በመቶ ከላይ ተቆርጦ እጃችን የገባው 98,000 ብር ከሆነ፣ ፎርሙላው ውስጥ የሚገባው 98,000 ነው። ወርሃዊ ክፍያው አይለወጥም። ውጤቱ በዓመት ወደ 23.7 በመቶ ይወጣል። በኔ እምነት ብድር ማነጻጸር ያለበት በዚህ ቁጥር ብቻ ነው፤ በእጅ በገባውና ከእጅ በሚወጣው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መቶኛ አያስፈልገኝም። ዝግጁ የኢንተርኔት ካልኩሌተሮችንም የማልወደው ለዚህ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያውን የት እንዳስገቡት ብዙ ጊዜ አይታይም።

RATE ላይ ያናደደኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ኤክሴል ውጤቱን ያለ ነጥብ አጠጋግቶ 2% ብሎ ያሳያል። ያንን አይቶ በ12 የሚያባዛ ሰው 24 በመቶ ነው ብሎ ይወስዳል። የነጥብ ቤቶቹን ጨምሩ፣ ወይም ማባዛቱን ለራሱ ለኤክሴል ተዉለት። ሌላው፣ RATE መልሱን የሚያገኘው እየገመተ በመጠጋት ነው። ካልነገራችሁት ግምቱን ከ10 በመቶ ይጀምራል፤ ይህ ደግሞ ለወር ወለድ በጣም ሩቅ ነው። የረጅም ጊዜ ብድር ላይ ምልክቶቹ ትክክል ሆነው `#NUM!` ካለ፣ መጨረሻ ላይ ቀረብ ያለ ግምት ስጡት።

```
=RATE(24,-5166.67,100000,0,0,0.01)
```

ከግምቱ በፊት ያለው ዜሮ ክፍያው በወሩ መጨረሻ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ዕቃውን በተረከባችሁበት ዕለት የምትከፍሉ ከሆነ 1 አድርጉት። ለውጡ ቀላል አይደለም። በጥሬ ገንዘብ 48,000 ብር የሚሸጥ ፍሪጅ በ12 ጊዜ 4,500 ብር ቢከፈል፣ በወሩ መጨረሻ ከሆነ የዓመት ወለዱ 22.3 በመቶ ገደማ ነው። የመጀመሪያው እዚያው ከተከፈለ 26.6 ገደማ ይደርሳል። ሻጩ «ያለ ወለድ ነው» ቢልም የጥሬ ገንዘቡን ዋጋ ጠይቁት፤ RATE የሚፈልገው እሱን ነው።

እንግዲህ በኔ ዕዳ ላይ ያለውን እውነትም ልናገር። የ2,500 ብሩን ዕቅድ ከመረጥኩ በኋላ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ሲመጣ ያልሞላሁት ወር አለ። ያን ጊዜ የNPER መልስ ዋጋ ያጣል፤ ሁለቱም ፎርሙላዎች ክፍያው እኩል፣ በክፍያዎቹ መካከል ያለው ጊዜም እኩል ነው ብለው ነው የሚያሰሉት። መፍትሔዬ የዛሬውን ቀሪ ዕዳ አስገብቶ NPERን እንደ አዲስ ማስላት ነው። ወለዱን ለማወቅ ደግሞ ክፍያው በተለያየ ቀን፣ በተለያየ መጠን ከሆነ RATEን ትቶ ቀኖቹን ከነክፍያቸው ለXIRR መስጠት ያስፈልጋል። እሱን ገና እየሞከርኩት ነው። በደንብ የያዛችሁት ካላችሁ ፋይላችሁን እንዴት እንዳደራጃችሁት ጻፉልኝ።