ሁለት ከፋይ፣ አንድ ማሽን

የትዕዛዝ መዝገቤ ላይ «ደንበኛ» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነበረ። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። የምመዘግበው ውጭ ያለ ዘመድ ከፍሎ አገር ቤት ያለ ቤተሰብ የሚረከበውን እቃ ነው። ታዲያ ደንበኛው ማነው? ሹፌሩ ሁሌ የሚጠይቀኝ የተረካቢውን ስምና ስልክ ስለነበር እኔም የምጽፈው እሱኑ ነበር።

አንድ ሐሙስ ለአንዲት እናት የልብስ ማጠቢያ ማሽን ታዘዘ። የክፍያው ስክሪንሹት በቴሌግራም መጣ፣ መዘገብኩ። ቅዳሜ ያው ትዕዛዝ ከነስክሪንሹቱ እንደገና መጣ፦ ያው ስም፣ ያው ስልክ፣ ያው ማሽን። ሰው መልስ ሲዘገይበት ደግሞ ይልካል፤ እኔም «የተደገመ ነው» ብዬ ሁለተኛውን ሰረዝኩት። የላኪው ስም የተለየ መሆኑን አላየሁም ብል እዋሻለሁ። ግን ባል አዝዞ ሚስት ትከፍላለች፣ ጓደኛ ካርዱን ያውሳል፤ የስም ልዩነት አይኔን መያዝ ካቆመ ቆይቷል።

ማሽኑ ሰኞ ደረሰ። ሹፌሩ በር ላይ አስቀምጦ ፎቶ አነሳው፣ እኔም ፎቶውን ሐሙስ ላዘዘችው ልጃቸው ላክሁላት።

የቅዳሜው ከፋይ ሌላ አገር የሚኖር ወንድሟ ነበር። ለእናቱ ደውሎ «ማሽኑ ደረሰሽ?» ሲላቸው «ደረሰኝ ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» አሉት። ለእህቱም ያንኑ ብለዋታል። ሁለቱ ተጋግዘው የላኩላቸው መስሏቸው ነበር። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ ሁለት ወር አለፈ፤ ወንድምና እህት በስልክ ስለማሽኑ እስኪያወሩ ድረስ።

«ወንድሜ፣ የኔ ማሽን የት ገባ?» ብሎ ደወለ። ስሙን ብፈልግ መዝገቡ ውስጥ የለም። በእናቱ ስም ስፈልግ «ደርሷል» የሚል አንድ መስመር አገኘሁ። በኩራት ፎቶውን ላክሁለት። «ይሄ እኮ የእህቴ ነው» አለኝ። ፎቶው ላይ የማን መሆኑን የሚናገር ነገር አልነበረም፤ ካርቶንና በር ብቻ።

ገንዘቡን ማግኘት ደግሞ ሌላ ሥራ ሆነ። በላከው መጠን ብንፈልገው አጣነው፣ ምክንያቱም መሐል ላይ ያለው ባንክ የአገልግሎት ክፍያውን ቆርጦበት አንሶ ነው የገባው። በስሙም አልተገኘም፤ በባንክ መግለጫችን ላይ ላኪ ተብሎ የተጻፈው የአስተላላፊው ድርጅት ስም ነው። በመጨረሻ ስክሪንሹቱን እንደገና ላከልኝና በላዩ ያለውን የማጣቀሻ ቁጥር ይዘን ፈለግን። ገንዘቡ ሒሳብ ክፍል «ባለቤቱ ያልታወቀ ገቢ» በሚለው ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጦ ነበር። እነሱ ባለቤት ሲያፈላልጉ እኔ ባለቤቱን ሰርዤዋለሁ።

አሁን መስመሩ የሚጀምረው በትዕዛዝ ቁጥር ነው። ከዚያ ከፋዩ፦ ማስረጃው ላይ እንደተጻፈው ስሙ፣ አጠገቡም የሚገኝበት አድራሻ። ካርዱ የሌላ ሰው ከሆነ ያዘዘውም የከፈለውም ለየብቻ ይጻፋሉ። ከዚያ ተረካቢው፣ ለከፋዩ ምኑ እንደሆነ፣ ተረካቢው ከሌለ ማን እንዲረከብ ከፋዩ እንደፈቀደ።

ማስረጃው ሁለት ቦታ አለው፣ የገባ ገንዘብና የወጣ እቃ። ለገባው ገንዘብ ስክሪንሹት መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚለው «ልከሃል» እንጂ «ደርሷል» አይደለም፣ አንዳንዱም «በሂደት ላይ» ይላል። ማጣቀሻ ቁጥሩ ከባንክ መግለጫችን ጋር ሲገጥም ብቻ «ተከፍሏል» እላለሁ። መደገሙንም የምለየው በዚሁ ቁጥር ነው፤ ተረካቢው፣ እቃውና ዋጋው አንድ ቢሆኑም ቁጥሩ ከተለያየ ሁለት ክፍያ፣ ሁለት ትዕዛዝ ነው። አንዱን መሰረዝ የሚችለው ራሱ ከፋዩ ነው።

ለወጣው እቃ ሹፌሩ የትዕዛዝ ቁጥሩን በደማቁ ወረቀት ላይ ጽፎ ካርቶኑ ላይ ለጥፎ ፎቶ ያነሳል፣ የተረከበው ሰውም ስሙን አሟልቶ ጽፎ ይፈርማል። ፎቶው የሚላከው ለዚያ ትዕዛዝ ከፋይ ብቻ ነው። ወንድም የእህቱን፣ እህት የወንድሟን ክፍያ ከእኔ እንዲሰሙ አልፈልግም።

ወንድምየው ሁለተኛ ማሽን ምን ያደርግላታል ብሎ በማቀዝቀዣ ቀየረው። የዋጋውን ልዩነት ጨመረ፤ አሮጌው ትዕዛዝ «ተቀይሯል» ተብሎ ተዘጋ፣ ሁለቱም ማጣቀሻ ቁጥሮች አዲሱ መስመር ላይ ገቡ። ማድረሻ ወረቀቱ ላይ ደግሞ «ከፋይ» በሚለው ትይዩ ስሙን ጻፍኩ። ሹፌሩ ሲነግረኝ እናትየው ከመፈረማቸው በፊት መነጽራቸውን አስመጥተው ያንን መስመር ሁለቴ አነበቡት፤ ከዚያ «ታዲያ ያኛውስ የማን ነበር?» አሉት።