ናፍታሊን አቃጥለን 5 ኪሎ ጁል ስንፈልግ

ባለፈው የቤንዞይክ አሲዱን ካሊብሬሽን ጨርሰን የካሎሪሜትራችን የሙቀት አቅም 10.12 ኪሎ ጁል በኬልቪን መውጣቱን ጽፌላችሁ ነበር። በዚህ ሳምንት ናፍታሊን አቃጠልን። ቃጠሎው ያለ ችግር አለፈ፤ ጣጣው የመጣው ከላብ ወጥተን ቁጥሩን ወደ ኢንታልፒ ስንቀይር ነው። አንድ ዳታ ይዘን፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን፣ ሦስታችንም የተለያየ መልስ አወጣን። ሦስቱም ስህተት ነበር።

መጀመሪያ ዳታው። 0.612 ግራም ናፍታሊን በመጭመቂያው እንክብል አደረግን፣ ቃጠሎው በሚካሄድበት ዝግ የብረት ዕቃ፣ ማለትም ቦምቡ ውስጥ፣ 1 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨመርን፣ ኦክስጅን እስከ 30 አትሞስፌር ሞላን። ወደ አካባቢው የሚያመልጠውን ሙቀት በግራፉ ካስተካከልን በኋላ የቴምፕሬቸሩ ጭማሪ 2.435 ዲግሪ ሆነ። ማቀጣጠያ ሽቦው ሲነድ ያወጣው 0.07 ኪሎ ጁል ከናፍታሊኑ ስላልመጣ ይቀነሳል።

```
10.12 × 2.435 = 24.642 kJ
24.642 − 0.070 = 24.572 kJ
24.572 / 0.612 × 128.17 = 5146 kJ/mol
```

ሙቀቱ ስለወጣ ምልክቱ ኔጌቲቭ ነው፤ −5146። እስከዚህ ሦስታችንም ተስማምተናል። ግን ይሄ ቁጥር ገና ኢንታልፒ አይደለም። ቦምቡ ወፍራም ብረት ነው፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ቢጨምርም ቢቀንስም ግድግዳው ንቅንቅ አይልም። ቮልዩሙ ካልተለወጠ ሥራ የለም፤ የለካነው ሙቀት በሙሉ የውስጣዊ ኢነርጂ ለውጥ ነው። ኢንታልፒ የምንለው ደግሞ ያው ቃጠሎ በቋሚ ግፊት ቢካሄድ የሚወጣውን ሙቀት ነው። መሸጋገሪያው ይህ ነው፦

```
C10H8(s) + 12 O2(g) → 10 CO2(g) + 4 H2O(l)
ΔH = ΔU + Δn·R·T
```

ΔU የውስጣዊ ኢነርጂው ለውጥ፣ Δn የጋዙ ሞል ለውጥ፣ R የጋዝ ቋሚው፣ T ቴምፕሬቸሩ ነው። ቀመሩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ስህተት የሠራነው በውስጡ ባሉት ሦስት ፊደሎች ላይ ነው።

ከራሴ ልጀምር። R ላይ 8.314 አስገብቼ ያገኘሁትን −4955 በቀጥታ ከ−5146 ጋር ደመርኩና ከ10,000 በላይ የሆነ ቁጥር ጻፍኩ። 8.314 የሚሰጠው ጁል ነው፣ ከላይ ያለው ኪሎ ጁል። እንዲህ ያለ ስህተት ግን ቶሎ ይያዛል፤ መልሱ እጥፍ ሲሆን ማንም ያያል።

የጓደኛዬ ስህተት ነው የባሰው። T ላይ 2.435 አስገባች። ቴምፕሬቸር የለካነው እሱን ነዋ! ያገኘችው ማስተካከያ 0.04 ኪሎ ጁል ብቻ ስለሆነ መልሷ ያው −5146 ሆኖ ቀረ፤ ምንም አጠራጣሪ ነገር አይታይበትም። ግን እዚህ ያለው T የውሃው ጭማሪ ሳይሆን ጋዙ ያለበት ፍጹም ቴምፕሬቸር ነው፤ 298 ኬልቪን። ክፍሉ 25 ነው ወይስ 28 ዲግሪ ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ በአንድ ዲግሪ የሚለወጠው 17 ጁል ገደማ ነው።

ሦስተኛው ልጅ ደግሞ ውሃውን ጋዝ ብሎ ቆጠረው። እሳት ውስጥ ውሃ ፈሳሽ ሆኖ እንዴት ይቀመጣል ብሎ ተከራከረን፤ እኔም ልቤ ወደ እሱ አዘንብሎ ነበር። በሱ ቆጠራ በቀኝ 14፣ በግራ 12 ሞል ጋዝ ስለሚሆን ማስተካከያው ፖዘቲቭ ሆነና −5141 ላይ ደረሰ።

የላቡ ቴክኒሻን ክርክሩን ሰምቶ መጣ። «ጋሼ፣ ውሃው እንፋሎት ነው ወይስ ፈሳሽ?» ስንለው መልስ ከመስጠት ይልቅ የዕለቱን ቦምብ ጋዙን ቀስ ብሎ አስተንፍሶ ክዳኑን ከፈተና ወደ ብርሃን አዘነበለው። ግድግዳው ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ነበልባሉ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው፤ እኛ ቴምፕሬቸሩን የምናነበው ሁሉም ነገር ወደ 27 ዲግሪ ገደማ ከተመለሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጨመርናት 1 ሚሊ ሊትር ውሃም ለዚሁ ናት፤ ጋዙ ከመቀጣጠሉ በፊት በእንፋሎት ስለሚሞላ ከቃጠሎው የሚመጣው ውሃ ከሞላ ጎደል በሙሉ ፈሳሽ ይሆናል። የምር የእንፋሎቱን ኢንታልፒ የሚፈልግ ሰውም Δn ላይ 4 ሞል መደመሩ ብቻውን አይበቃውም፤ ለእያንዳንዱ ሞል ውሃ የትነቱን 44 ኪሎ ጁል ማስገባት አለበት፤ ለአራቱ 176 ይሆናል።

ስለዚህ ጋዝ ብቻ ሲቆጠር 10 ሲቀነስ 12፣ ማለትም −2።

```
Δn·R·T = −2 × 0.008314 × 298 = −4.96 kJ
ΔH = −5146 − 4.96 ≈ −5151 kJ/mol
```

የተረፈው ኦክስጅንስ? ይሄን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። 30 አትሞስፌር ስንሞላ ለናፍታሊኑ ከሚያስፈልገው ሰባት እጥፍ ገደማ አስገብተናል። ግን ያልተቃጠለው ከቀስቱ በግራም በቀኝም እኩል ስላለ ሲቀናነስ ይጠፋል።

ምልክቱ ለምን ኔጌቲቭ እንደሆነ የገባኝ ግን ከቀመሩ አይደለም። ቃጠሎው ክፍት ቦታ ላይ ቢሆን ሁለት ሞል ጋዝ ይቀንሳል፤ የቀነሰውን ቦታ አየሩ ገፍቶ ይይዘዋል። አየሩ ሲገፋ የሠራው ሥራ ተጨማሪ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። አዳማ ከባህር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ግፊቷ ዝቅ ያለ ነው፤ ታዲያ ይሄ 5 ኪሎ ጁል እዚህ ያንሳል? አያንስም። ባህር ዳርቻ ላይ ሁለት ሞል ጋዝ 49 ሊትር ይይዛል፤ እኛ ጋ፣ ግፊቱን 84 ኪሎ ፓስካል ብንለው፣ 59 ሊትር። ግፊቱ ባነሰ ቁጥር ቮልዩሙ ስለሚሰፋ ብዜታቸው ያው ነው።

መጽሐፍ ላይ ያለው −5156 ገደማ ነው። ቀረብን ብለን ግን አልጨፈርንም። ቴርሞሜትሩ ላይ 0.005 ዲግሪ ብንሳሳት ውጤቱ በ10 ኪሎ ጁል ይዛነፋል፤ ያ የማስተካከያው እጥፍ ነው። ጓደኛዬም «ታዲያ ለምን ደከምን?» አለች። የንባብ ስህተት አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ስለሚል አምስት ጊዜ አቃጥለን አማካይ ብንወስድ ይቀንሳል። Δn·R·T ከተረሳ ግን በአምስቱም ላይ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል፤ አማካዩም አያወጣውም።

ቀጣዩ የወንጂ ስኳር ነው። 12 ሞል ኦክስጅን ገብቶ 12 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወጣ Δn ዜሮ ነው፤ የቦምቡ ቁጥር ያለ ማስተካከያ ኢንታልፒው መሆን አለበት። እስካሁን ግን እንክብሉን ማውጣት አቅቶናል፤ ደረቁ ስኳር ከመጭመቂያው ሲወጣ ይፈረካከሳል። ነገ በሙቀጫ አልመን እንሞክራለን።