አምስት ዓመት ሲጠየቅ ሦስት ያላት

ዛሬ ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ ከታናሽ እህቴ ጋር ተቀምጠን የማመልከቻ ደብዳቤዋን ስናስተካክል አመሸን። አንድ የግል ድርጅት የ5 ዓመት ልምድ ያለው የሒሳብ ባለሙያ ይፈልጋል፤ እሷ ያላት 3 ነው።

ረቂቋ «ምንም እንኳ የተጠየቀውን የሥራ ልምድ ባላሟላም» ብሎ ይጀምር ነበር። ያንን አወጣነው። ቀጣሪው ማን እንደሆነች ሳያውቅ የጎደላትን ለምን አስቀድሞ ያነባል? ዓመቱን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ አውርደን እንዲህ ጻፍነው፦ «በ3 ዓመት የሥራ ዘመኔ የወር ሒሳብ መዝጋትን፣ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅንና የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅን በራሴ ኃላፊነት ሠርቻለሁ፤ ለውጭ ኦዲተር የሚቀርበውን ሰነድ የማዘጋጀውም እኔ ነኝ።» ቁጥሩ አልተደበቀም፣ ይቅርታም አልተጠየቀበትም፤ ከጎኑ የቆመው ማስታወቂያው የዘረዘረው ሥራ ራሱ ነው።

የተለማማጅነት ወራቷን ደምራ «ወደ 4 ዓመት የሚጠጋ» እንድትል ግን አልተስማማሁም። የሥራ ልምድ ማስረጃዋ ላይ የተቀጠረችበት ቀን ተጽፏል፤ ሁለቱ ሲመሳከሩ የሚጎዳው የቀረው እውነቷ ነው።

መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምን። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ከማስረጃው ላይ ይቆጠራል፤ ካልሞላ ደብዳቤው ምንም ያህል ቢያምር ከምዝገባው አያሳልፍም።