የአንድ አሲድ ሦስት Ka

ሐምሌ ላይ ነው። ፒያሳ ዝናቡ ሳያባራ ውሎ፣ የላቦራቶሪው ቴርሞሜትር 19 ዲግሪ ያሳያል። ሥራዬ የአሴቲክ አሲድን Ka፣ ማለትም አሲዱ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ወደ አዮን እንደሚበታተን የሚናገረውን ቋሚ ቁጥር፣ ከኮንዳክቲቪቲ ማውጣት ነበር። 0.1፣ 0.01 እና 0.001 ሞላር የሆኑ ሦስት ሶሉሽኖች አዘጋጅቼ ለካሁ። መልሱ በቅደም ተከተል 1.9፣ 2.1 እና 2.4 ሲባዛ 10⁻⁵ ሆኖ ወጣ። ኮንስታንት የሚባለው ነገር ሦስት ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ስሌቱን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት፤ ስህተት የለበትም። ስሌቱ አሲዱ ሙሉ በሙሉ ቢበታተን የሚኖረውን ሞላር ኮንዳክቲቪቲ፣ ማለትም ንባቡ በኮንሰንትሬሽኑ ሲካፈል የሚገኘውን፣ ይፈልጋል። የጨው ሶሉሽን ሲቀጥን አዮኖቹ ይራራቃሉ እንጂ ቁጥራቸው አይጨምርም፤ መጀመሪያውኑ ሁሉም ተበታትነዋል። ስለዚህ የሶዲየም ክሎራይድ ሞላር ኮንዳክቲቪቲ በ0.1 ሞላር 106.7 ከሆነ በ0.001 ሞላር 123.7 ቢደርስ ነው። በኮንሰንትሬሽኑ ስኩዌር ሩት ላይ ሲነደፍ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፤ መስመሩን እስከ ዜሮ ስንስበው 126.5 እናገኛለን። አሴቲክ አሲድ ግን በዚያው ርቀት ከ5 ገደማ ተነስቶ 49 ይደርሳል፤ ሲቀጥን የሚበታተነው ሞለኪውል ይበዛልና። ግራፉ ዜሮ አጠገብ ሽቅብ ስለሚወረወር ማስመሪያ አይረዳም። መውጫው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ኮልራውሽ ያሳየው መንገድ ነው፦ እያንዳንዱ አዮን የራሱን ድርሻ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከጠንካሮቹ ተበድረን የደካማውን እንሠራለን። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 426.2፣ ሲደመር ሶዲየም አሴቴት 91.0፣ ሲቀነስ ሶዲየም ክሎራይድ 126.5፤ ውጤቱ 390.7። ሁሉም በ25 ዲግሪ ነው። እኔ ግን ይህችን የመጨረሻ ቃል አንብቤ አለፍኳት።

የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ወረቀቴን አየት አድርገው «ውሃህን ለብቻው ለካኸው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ዲስቲልድ ነው እኮ።»

«ከየትኛው ጀሪካን?»

ጥግ ካለው፣ ክዳኑ ከጠፋው ጀሪካን ነበር የቀዳሁት። ሜትሩን ነከርኩት፤ 6 µS/cm አለ። «ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻውን አንድ ገደማ ነው የሚያደርሰው» አሉ፤ «የቀረው የዕቃው ቆሻሻ ነው።» ለ0.1 ሞላሩ፣ ንባቡ ከ500 በላይ ስለሆነ፣ 6 ምንም አይደለም። ለ0.001 ሞላሩ ግን፣ ጠቅላላው 50 እንኳ የማይሞላ ስለሆነ፣ ከአሥር አንድ በላይ ነው። Ka ደግሞ በተበታተነው ክፍል ስኩዌር ስለሚሄድ ስህተቱ እጥፍ ሆኖ ይወጣል። ቀጭኑ ሶሉሽን ላይ Ka ሽቅብ የሚሸሸው ለዚህ ነው።

ውሃው ግን ሁሉንም አልፈታም፤ ውሃ የማይነካው ወፍራሙ ሶሉሽንም 1.9 ብሏል። ሁሉንም እኩል ከፍ ያደረገ ሌላ ነገር መኖር አለበት። ያ ደግሞ እኔው ነበርኩ። ሜትሩን ካሊብሬት ሳደርግ 0.01 ሞላር ፖታሺየም ክሎራይድ ውስጥ ነክሬ፣ ጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው 1413 ብዬ ሞላሁ። 1413 የ25 ዲግሪ ነው፤ በ19 ዲግሪ ያው ሶሉሽን 1251 ነው። አሲዱም በዚያው ቅዝቃዜ ስለተለካ ስህተቶቹ የሚጣፉ መስሎኝ ነበር። አብዛኛው ተጣፋ፤ ግን ሃይድሮጅን አዮን ከፖታሺየምና ከክሎራይድ ይልቅ ለሙቀት ግድ የለውም፤ ሲቀዘቅዝ እንደ እነሱ አይዘገይም። ስለዚህ ሦስት በመቶ ገደማ ትርፍ ቀረ፤ Ka ላይ ሲደርስ ስድስት በመቶ ሆነ። የሜትሩን የሙቀት ማስተካከያ ብከፍተው ኖሮም በዚያው ነበር የምወድቀው፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስተካክለው በዲግሪ ሁለት በመቶ ነው፤ ለአሲድ ይህ ይበዛል።

በማግስቱ ከማጣሪያው በቀጥታ የወረደ ውሃ ቀዳሁ፤ 1.1 አነበበ። ይህን አልቀነስኩትም። ከካርቦን ዳይኦክሳይድ የመጣ ስለሆነ አሲዱ ራሱ ያፍነዋል፤ ብቀንሰው ያለአግባብ አጎድል ነበር። የውሃው ንባብ ከጨው የመጣ ቢሆን ኖሮ መቀነሱ ልክ ነበር። ሳፋ ሙሉ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢከሮቹን አስቀምጬ፣ ቴርሞሜትሩ 25 ላይ እስኪረጋ ጠብቄ ካሊብሬትም ለካሁም። የመካከለኛው ሶሉሽን ስሌት ይኸው፤ κ የሜትሩ ንባብ፣ Λ ሞላር ኮንዳክቲቪቲው፣ α ደግሞ የተበታተነው ክፍል ነው፦

```
κ  = 162 µS/cm = 0.000162 S/cm
Λ  = 1000 × 0.000162 / 0.01 = 16.2
α  = 16.2 / 390.7 = 0.0415
Ka = 0.01 × 0.0415² / (1 − 0.0415) = 1.8 × 10⁻⁵
```

ሁለቱ ጎረቤቶቹም 1.8 አሉ። መጽሐፍ ላይ ያለው 1.75 ነው። የቀረችው ልዩነት የአዮኖቹ እርስ በርስ መጎተት ናት፤ ኬሚስቱ ኦስትዋልድ በ1888 ያወጣው ይህ ቀመር አይቆጥራትም፣ እኔም አላሳደድኳትም። ጀሪካኑ ላይ ግን «ለመለኪያ አይሆንም» የሚል ወረቀት ለጥፌበታለሁ።